የርዕደ መሬት ሌክቸርን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ማሳጠር፦ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

በእጄ ያለው ለጂኦፊዚክስ ተማሪዎች የምሰጠው የሁለት ሰዓት ሌክቸር ነው። ስለ ርዕደ መሬትና ስለ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ስላይዶቹ ከስልሳ ይበልጣሉ፣ ሲሶው ቀመር ነው። አዲስ አበባ ያለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይህንኑ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች በ20 ደቂቃ እንዳቀርብላቸው ጠይቆኛል። ሰበቡ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ አልጋቸው ሲወዛወዝ የነቁ ልጆች አሉ፤ የካቲት 7 ማታም ደግሟቸዋል። ከዚያ ወዲህ በቲክቶክና በቴሌግራም ብዙ ሰምተዋል። ስለዚህ እኔ የምደርሰው ከብዙ ተናጋሪ በኋላ ነው።

ለራሴ ያስቀመጥኩት መለኪያ አንድ ነው። ከልጆቹ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እኔ ክፍል ቢቀመጥ፣ «ያኔ የነገርኩህን እርሳው» የሚያሰኘኝ ዓረፍተ ነገር በንግግሩ ውስጥ መኖር የለበትም። ያልተሟላ ነገር መናገር ግድ ነው፤ በኋላ ላይ ሌላው ሲጨመርበት ግን መፍረስ የለበትም።

ሳምንት 1፦ የሚቀረውን መምረጥ

በመቀነስ ጀመርኩ፤ ቀመር ያለበትን ስላይድ ሁሉ አወጣሁ። የቀረው አልሠራም። ሥዕሎቹ አሉ፣ መደምደሚያዎቹ አሉ፣ በመካከላቸው የነበረው «ስለዚህ» ጠፍቷል። ልጅ እንዲህ ያለውን ከማመን በቀር ምን ያደርገዋል? ቲክቶክም የሚያቀርብለት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ከሌላው ጫፍ ሞከርኩ። የፊዚክስ መምህሩ ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት እንዲያስገቡ አደረጉልኝ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስለያቸው አብዛኞቹ በአራት ክምር ገቡ፦ «አዲስ አበባ ላይ ስንት ሬክተር ነበር?»፣ «ኢትዮጵያ መቼ ነው ለሁለት የምትከፈለው?»፣ «ከሥራችን ያለው ሁሉ እሳት ነው?»፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?»። ንግግሩ እነዚህን አራቱን ብቻ እንዲመልስ ወሰንኩ። ከሌክቸሩ የሚገባው ለአንዱ መልስ የሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው።

በዚህ ውሳኔ የምወደው ክፍል ወደቀ። ቀድሞ የሚደርሰው የፒ ሞገድና ተከትሎት የሚመጣው የኤስ ሞገድ የመድረሻ ጊዜ ልዩነት በሴኮንድ ተለክቶ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ እስከ አዲስ አበባ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ 17 ሴኮንድ ያህል ነው። ልጆቹ ያንን ሌሊት በአካል የቀመሱት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ንዝረት፣ ቆየት ብሎ ጠንካራው። ግን ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛውንም አይመልስም፤ ደግሞም በደንብ ለማስረዳት ብቻውን አምስት ደቂቃ ይበላል። ለፊዚክስ መምህሩ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በክፍላቸው ሊያሠሩት ይችላሉ።

የሥራ መሣሪያዬ ለሁለት የተከፈለ ደብተር ነው። በግራ የምናገረው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይጻፋል። በቀኝ ያስቀረሁት ነገር፣ እና ያ ነገር ቢጨመር የግራው ዓረፍተ ነገር ይቆማል ወይስ ይወድቃል የሚለው። ለምሳሌ በግራ «ርዕደ መሬት የሚፈጠረው ፕሌቶች ሲጋጩ ነው» ብዬ ብጽፍ ወዲያው ይወድቃል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፕሌቶቹ፣ የምድር ጠንካራ የውጭ ክፍል የተከፋፈለባቸው ግዙፍ ቁራጮች፣ የሚራራቁ ናቸው። «ለብዙ ጊዜ የተወጠረ አለት ድንገት ሲንሸራተት መሬት ይንቀጠቀጣል» ብል ግን ከመጋጨትም ከመራራቅም ጋር ይሄዳል፤ ከመሬት በታች ባለ የቀለጠ አለት፣ በማግማ፣ ግፊት ለሚመጣውም ይሠራል። አጭር መሆኑ ላይ ለውጥ የለም። ልዩነቱ ለሁሉም ሁኔታ እውነት የሆነውን ንብርብር መምረጡ ላይ ነው።

ሳምንት 2፦ ቁጥሩ

«አዲስ አበባ ላይ ስንት ነበር?» ለሚለው ቀጥተኛ መልስ የለም። ልጆቹ ሬክተር የሚሉት ማግኒቲውድ የሚለካው ምንጩ ላይ የሆነውን ነው፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ ለአዋሽም፣ ለደብረ ብርሃንም፣ ለአዲስ አበባም ያው ነው። ከቦታ ቦታ የሚለያየው የተሰማው ጥንካሬ ሲሆን፣ እሱ ራሱን የቻለ መለኪያ አለው፤ በሮማን ቁጥር ይጻፋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ሳይሰማው ስምንተኛ ፎቅ ያለው ይወዛወዛል፤ ምክንያቱም ከሩቅ የሚመጣው ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፤ ዝግ ያለው ማወዛወዝ ይተርፋል፤ ረጅም ሕንፃም የሚያጅበው እሱን ነው።

ሌክቸሩ ላይ ይህን የማስረዳው በእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው፤ M0 የመንሸራተቱ መጠን፣ Mw ከእሱ የሚወጣው ማግኒቲውድ ነው፦

```
M0 = μ × A × D
Mw = (2/3) × (log10 M0 − 9.1)
```

9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሎጋሪዝም አልተማረም። ግን የላይኛው መስመር ላይ ሎጋሪዝም የለም፤ ማባዛት ብቻ ነው፤ የአለቱ ጥንካሬ፣ የተንሸራተተው ገጽ ስፋት፣ የተንሸራተተበት ርዝመት። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር በቃላት ይዤ ሁለተኛውን አስቀረሁ። ልጆቹ የሚያገኙት ምሳሌ ይህ ነው፦ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው የአለት ገጽ በ30 ሴንቲ ሜትር ቢንሸራተት ስንት ይወጣል? እኔ ለራሴ ያሠላሁት፦

```
M0 = 3×10^10 × 5×10^7 × 0.3 = 4.5×10^17
Mw = (2/3) × (17.65 − 9.1) = 5.7
```

በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መዝገብ የታኅሣሥ 26ቱ 5.7 ነው። ምሳሌው ግን መጠኑን ለማሳየት የተመረጠ ነው፤ የዚያ ሌሊቱ ገጽ በትክክል 10 በ5 ነበር ማለት አይደለም። ይህን ሳልናገር ካለፍኩ ልጆቹ እንደ ልኬት ይይዙታል። ስለዚህ በግራው ዓምድ «ይህን ያህል ቁጥር የሚሰጥ አንድ ምሳሌ» የሚለው ሐረግ ገባ። ሁለት ሴኮንድ ነው የሚወስደው።

ዜና ላይ 5.8 ተብሎም ተነግሯል። ልጆቹ «የቱ ነው ውሸቱ?» ብለው እንደሚጠይቁ መምህሩ አስጠንቅቀውኝ ነበር። መልሱ ለየተቋማቱ የደረሰው የጣቢያ መረጃና የሚጠቀሙበት ስሌት ስለሚለያይ የአንድ አሥረኛ ልዩነት የተለመደ ነው የሚል ነው፤ ሁለቱም ልኬት ናቸው። ንግግሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ከጥያቄ ጊዜ መልሶች መካከል አስቀመጥኩት።

አሁን የሚከብደው ክፍል። አንድ ቁጥር ሲጨምር ምን ይጨምራል? በሳይዝሞግራፍ ላይ የሚሳለው የሞገድ ቁመት 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ። ሌክቸሩ ላይ ሁለቱንም እሰጣለሁ። ለልጆቹስ?

ሳምንት 2፣ የቀጠለ፦ ፓስታ

32 እጥፍን በቃል መናገር ምንም አይተክልም። በሌላ አገር መምህራን የሚሠሩበት አንድ ማሳያ አለ፤ በፓስታ ነው። ማግኒቲውድ 5 አንድ ክር ፓስታ ቢሆን፣ 5.7 ወደ 11 ክር፣ 6 ደግሞ 32 ክር፣ 7 ወደ 1000 ክር ይሆናል። አንዱን ሰብሮ፣ 11ዱን ሰብሮ፣ 32ቱን ሰብሮ ማሳየት ነው። የታኅሣሡ 5.7፣ የየካቲቱ 6.0 ስለነበሩ ልጆቹ በዚያው በጋ የቀመሷቸውን ሁለቱን በእጃቸው ያወዳድራሉ። በጽሑፍ ሲታዩ 5.7 እና 6.0 ጎን ለጎን ያሉ ቁጥሮች ናቸው። በእጅ ሲያዙ አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ስሌቱም 2.8 ይላል።

የ1000 ክሩን መቁጠር አድካሚ ስለሆነ 32 ክር በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ በዚያ አባዛሁ። ሁለት የግማሽ ኪሎ ፓኬት ገደማ ወጣ። ቀጭኑ ስፓጌቲ ይሻላል፤ ወፍራሙ በ32 ክር ለትንሽ እጅ ይከብዳል። እስሩን በፀጉር ላስቲክ በሁለቱ ጫፍ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መሃል ላይ ተበታትኖ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሰበራል፣ ማሳያውም ይበላሻል። ወጪው የሦስት ፓኬት ፓስታና የላስቲክ ዋጋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቤት ያለ ነው።

መምህሩ አንድ ነገር አነሡ፤ ልጆች ፊት በእህል መጫወት ጥሩ መልክ የለውም። ልክ ናቸው። ንጹሕ የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተን በላዩ እንድንሰብርና ስብርባሪው ተሰብስቦ ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንዲሰጥ ተስማማን። የተሰበረ ፓስታ ያው ፓስታ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ለልጆቹ መናገር ይገባል፤ ሐሳባቸው እህሉ ላይ እንዳይቀር።

የማሳያው ወሰን በቀኙ ዓምድ ተጽፏል። ክሩ የሚቆጥረው ጉልበትን ብቻ ነው። ፓስታ ሲሰበር የሚሆነውና አለት ሲንሸራተት የሚሆነው አንድ አይደለም፤ አለቱ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ስንጥቅ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ስለዚህ «አለት እንዲህ ይሰበራል» አይባልም፤ «ጉልበቱን በክር እንቁጠር» ይባላል።

ሳምንት 3፦ 5 ሚሊ ሜትር እና 8 ሜትር

«ኢትዮጵያ ለሁለት ትከፈላለች» የሚለው ወሬ ሥር ያለው እውነት ነው። የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች ይራራቃሉ። የተሳሳተው ፍጥነቱ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መራራቁ በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ሜትር ለመራራቅ 200 ዓመት፣ 1 ኪሎ ሜትር ለመራራቅ 200,000 ዓመት ይፈጃል። ይህን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ባዶ ቦታ ተውኩ።

ሌክቸሩ ላይ እንደ ብዙዎቹ መጻሕፍት «ፕሌቶች ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ይሄዳሉ» የሚል ስላይድ አለ። ለልጆች የሚመች ይመስላል። ደብተሩ ላይ ስፈትሸው ግን የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ በዓመት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ያ ለፈጣን ፕሌቶች ይሆናል። የኛ ስምጥ ሸለቆ ከጥፍር በሰባት እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ንጽጽሩን አልጣልኩትም፤ ገለበጥኩት። «ጥፍራችሁ በሁለት ወር ውስጥ የሚያድገውን ያህል ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው በዓመት ነው።» 6 ሚሊ ሜትርና 5 ሚሊ ሜትር ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ይቆማል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጎበዝ ልጅ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። መስከረም 1998 በሰሜን አፋር፣ በዳባሁና በማንዳ ሐራሮ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ማግማ ሰርጎ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቋል። በዓመት ሚሊ ሜትር ብሎ ነገር፣ በሳምንታት 8 ሜትር ብሎ ነገር፤ የቱ ነው? ሌክቸሩ ላይ ሁለቱ በተለያየ ሰዓት ስለሚመጡ ተማሪው አያጋጫቸውም። በ20 ደቂቃ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ናቸው። ይህን መጋጨት መደበቅ ይቻል ነበር፤ 8 ሜትሩን ማውጣት ብቻ ነው። እኔ የንግግሩ መሃል አደረግሁት። ፕሌቶቹ በሩቅ ሳይቋረጡ በዝግታ ይሄዳሉ፤ ድንበራቸው ላይ ያለው አለት ግን ተያይዞ ይወጠራል፤ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሰሜን አፋር ላይ የሚራራቁት የኑቢያና የዓረቢያ ፕሌቶች ስለሆኑ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፣ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 8 ሜትርን ለ2 ሴንቲ ሜትር ሲያካፍሉት 400 ዓመት። የአራት መቶ ዓመት ያህል መራራቅ በሳምንታት ተከፈለ ማለት ነው። ልጆቹ ማካፈሉን ሲጨርሱ አማካይና ድንገተኛው አንድ ሒሳብ መሆናቸውን ያያሉ።

በቀኙ ዓምድ፦ 8 ሜትር ከፍተኛው ነው፤ በየቦታው ይለያያል። የ400 ዓመቱ ስሌት የሚሠራው ለዚያ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ደግሞም «በየ400 ዓመቱ ይደገማል» ማለት አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ።

አዋሽ ፈንታሌ ላይም የሳተላይት ራዳር ልኬቶች ማግማ ከመሬት በታች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በስንጥቅ መስመር መግባቱን አሳይተዋል። ለዚህ ነው መንቀጥቀጡ ለወራት እየተከታተለ የቆየው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሳምንት 4፦ ከሥራችን ያለው

ብዙ ልጆች የሚያውቁት ሥዕል ቀጭን ቅርፊት፣ ከሥሩ የሚንፈቀፈቅ ቀይ ፈሳሽ ነው። ይህ ሥዕል ካልተነሣ ሌላው ሁሉ አይቆምም፤ «ፕሌቶች ማግማ ላይ ይንሳፈፋሉ» ብሎ የያዘ ልጅ ስንጥቅ ሲያይ የሚጠብቀው ከታች ያለው ባሕር እንዲፈስ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል ጠንካራ አለት ነው። በጣም ስለሚሞቅ በሚሊዮን ዓመታት ዝግ ብሎ ይፈስሳል እንጂ ፈሳሽ አይደለም።

ይህን ለምን ያምኑኛል? ማስረጃው ለ9ኛ ክፍል የሚሆን ነው፤ በሰው ሰልፍ ይሠራል። አሥር ልጆች ተሰልፈው እጃቸውን በፊታቸው ባለው ትከሻ ላይ ያደርጋሉ። ከኋላ ቀስ ብሎ ሲገፋ ግፊቱ እስከ ፊት ይደርሳል፤ ይህ ፒ ሞገድ ነው። ከኋላ ያለው ወደ ጎን ሲወዛወዝ መወዛወዙም ይደርሳል፤ ይህ ኤስ ሞገድ ነው። አሁን እጃቸውን አውርደው ተጠጋግተው ይቁሙ፤ እንደ ፈሳሽ ቅንጣቶች። ግፊቱ አሁንም ይተላለፋል። የጎኑ መወዛወዝ ግን እዚያው ይቀራል፤ የሚይዘው የለምና። ከዚያ አንድ እውነታ ብቻ፦ ኤስ ሞገዶች በማንትል ውስጥ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በታች ወዳለው የውጭው እምብርት ሲደርሱ ይቆማሉ። ፈሳሹ የት እንዳለ ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ታዲያ ማግማው ከየት መጣ? ስምጥ ሸለቆው ሲሳሳ ትኩሱ አለት ወደ ላይ ይመጣል፤ ግፊት ይቀንስለታል፤ ሙቀት ሳይጨመርበት ጥቂቱ ይቀልጣል። «ጥቂቱ» የሚለውን ቃል በደብተሩ ላይ አስምሬበታለሁ። እሱ ከወደቀ ሁሉም ወደ ቀይ ባሕሩ ይመለሳል።

ሙከራ፦ መልሶ ማስነገር

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሳሎን አስቀምጬ አቀረብኩላቸው፤ አንዷን ግን ውጭ አስቀረኋት። ከጨረስኩ በኋላ ገባችና የሰሙት ነገሯት፤ እኔ ዝም ብዬ ጻፍኩ። «ገባችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ገባን ይላሉ፤ ለኔ ምንም አይነግረኝም። መልሰው ሲያወሩ ግን የቱ ዓረፍተ ነገር እንደተጣመመ ይታያል።

ሁለት ነገር ተጣምሞ መጣ። አንደኛው፦ «አንድ ቁጥር ሲጨምር መሬት 32 እጥፍ ይወዛወዛል»። አሥሩና ሠላሳ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ንግግር መሸከም አይቻልም ማለት ነው። አሥሩን አወጣሁት፤ ፓስታው የሚያሳየው ጉልበትን ስለሆነ እሱ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩም «መወዛወዙ ይህን ያህል አይጨምርም፤ ጉልበቱ ግን 32 እጥፍ ይሆናል» ሆነ። ያወጣሁት ነገር እንዳለ በጥቂት ቃላት ይጠቁማል፤ ልጁ በኋላ 10 እጥፍን ሲማር አይጋጭበትም።

ሁለተኛው፦ «አፋር ውስጥ 8 ሜትር ስፋት ያለው ገደል ተከፈተ»። እኔ ያልኩት «8 ሜትር ተከፈተ» ነበር፤ የሰሙት ባዶ ቦታ ነው። 8 ሜትሩ ግን በጥልቀት፣ በማግማ ተሞልቶ የሆነ ነው፤ ላይ የታዩት ስንጥቆች ከዚያ ያነሱ ናቸው። ሥዕሉን ቀየርኩ። አሁን መጀመሪያ የመሬቱን ገጽ መስመር እስላለሁ፤ ከሥሩ ኪሎ ሜትሮች ወርጄ ቀዩን የማግማ ግድግዳ አቆማለሁ፤ ከዚያ ግራና ቀኙ መራራቁን በቀስት አሳያለሁ። ቃሉም «ማግማ ገብቶ ግራና ቀኙን አራራቀው» ሆነ። በሌላ ጊዜ ለሌሎች ልጆች ሳቀርበው ገደሉ አልተመለሰም።

«አጎቴ፣ ትንሽ ትንሹ ሲወጣ ትልቁ ይቀራል አይደል?» ብላ የእህቴ ልጅ ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ ሰዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ፤ የሚያጽናና ሐሳብ ስለሆነ ይወደዳል። መልሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የአንድን ማግኒቲውድ 6 ጉልበት በማግኒቲውድ 4 ለማስወጣት 1000 ያህል ያስፈልጋል። ትልቁን የፓስታ እስር አነሣሁና አንድ ክር መዘዝኩ። ይህ ወዲያውኑ ወደ ንግግሩ ገባ፤ አምስተኛ ጥያቄ ሆነ።

ዕቃዎች

ፕሮጀክተር አልተማመንኩም፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል። አራት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት በማርከር ተሳለ፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ወረቀት። ጡብ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ላስቲክ አስሬ የሠራሁት ሌላ ማሳያም ነበር፤ ጡቡ በላስቲክ ሲጎተት ተይዞ ይቆይና ድንገት ይንሸራተታል፣ መቼ እንደሚንሸራተትም አይታወቅም። ደህና ይሠራል፤ ጊዜው ግን አልበቃም። ለጥያቄ ሰዓት በቦርሳ ይዤው ሄድኩ።

የቀረበበት ዕለት

ፓስታው ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ሁሉም መስበር ፈለገ። የሰው ሰልፉን በጣም ከኋላ የተቀመጡት አላዩትም፤ ወንበሮቹን ወደ ዳር አስጠግቶ መሃል ላይ ቢሆን ይሻላል። የ400 ዓመቱን ማካፈል አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከኔ ቀድሞ ጨረሰና «ቲቸር፣ እንግዲህ በ2398 ይደገማል?» አለ። በቀኙ ዓምድ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ እዚህ ጠቀመኝ፤ ማካፈሉ ስንት ዓመት እንደተጠራቀመ ይናገራል፣ ቀጣዩን ቀን አይናገርም፤ ቦታው ይለያያል፣ የሚለቀቀውም መጠን ይለያያል አልኩት። ጡቡን አውጥቼ እሱ ራሱ እንዲጎትተው ሰጠሁት። በየጉተታው ርቀቱ ሲለያይ ጓደኞቹ በማስመሪያ ለኩለት።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» ለሚለው ያዘጋጀሁት መልስ ይህ ነው፤ ቃል በቃል ነው ያልኩት፦ «ቀኑን፣ ቦታውንና መጠኑን ለይቶ አስቀድሞ መናገር የሚችል ሰው ዛሬ በዓለም ላይ የለም። መናገር የምንችለው የት የት እንደሚደርስና ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ነው። ነሐሴ 1898 ከመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ የተነሣው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ስለዚህ ቤትና ትምህርት ቤት ስንሠራ ይህን ቆጥረን ነው።» በዚህ መልስ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ «ሳይንቲስቶች ገና አልደረሱበትም» የሚል ነበር። አወጣሁት፤ «ገና» ሲባል ልጁ አንድ ሰው ሊደርስበት ተቃርቧል ብሎ ይሰማዋል፤ ቀን ቆርጦ የሚናገር ቪዲዮ ሲያይም ያ ሰው ይህ ነው ይላል።

አንዲት ልጅ ማግማው ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። ይህ በደብተሬ አልነበረም። የገባው ማግማ የሚከተለው ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋበትን መስመር እንደሆነ፣ ያም መስመር ከፈንታሌ ወደ ዶፈን በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ አዲስ አበባ ከሸለቆው ውጭ በምዕራብ በኩል ያለው ደጋ ላይ እንደሆነች በፍሊፕ ቻርቱ ካርታ ላይ አሳየኋት። ወደኛ የሚደርሰው ንዝረቱ ነው። ጥያቄው ከፍርሃት የመጣ ስለነበር ካርታው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት መሰቀል ነበረበት።

ለሚቀጥለው የተያዘ

ካርታው መጀመሪያ ይመጣል። የሰው ሰልፉ ከፓስታው በፊት ይሆናል፤ ቆመው ከተንቀሳቀሱ በኋላ ቁጥር መከታተል ይቀላቸዋል። የፓስታ መስበሩ ለሦስት ልጆች ብቻ፣ ሌላው ለዕረፍት። ሁለት ዓምድ ያለውን ደብተር በንጹሕ ገልብጬ ለፊዚክስ መምህሩ ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው ንግግሩን ለሌላ ክፍል ሲደግሙት ጊዜ ቢያጥራቸው የትኛውን ዓረፍተ ነገር ቢያስወጡ ሌላው እንደማይፈርስ በቀኙ በኩል ምልክት አድርጌበታለሁ። «ጥቂቱ ይቀልጣል» እና «ይደገማል ማለት አይደለም» የሚሉት ሁለቱ በቀይ ተከብበዋል፤ እነሱ አይወጡም።